ከጥምዙ ሥር የሚገባው ቀጥታ መስመር

ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንዳቸውም ከዜሮ አያንሱም፤ ሲደመሩ ደግሞ 3 ይሆናሉ። a፣ b እና c እንበላቸው። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን 1 እንጨምርበትና 1ን ለውጤቱ እናካፍል። እንዲህ የሚገኙት ሦስት ክፍልፋዮች ድምራቸው ከአንድ ተኩል በታች ሊወርድ እንደማይችል ማረጋገጥ ይቻላል ወይ? በምልክት ሲጻፍ ጥያቄው ይህ ነው፦

1/(1+a²) + 1/(1+b²) + 1/(1+c²) ≥ 3/2

በመጀመሪያ ጥቂት ቁጥሮች እንሞክር። ሦስቱም 1 ከሆኑ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ግማሽ ስለሚሆን ድምሩ ልክ 1.5 ይመጣል። 0፣ 1 እና 2ን ብንወስድ 1 ሲደመር 0.5 ሲደመር 0.2፣ ማለትም 1.7 እናገኛለን። አንዱ 3 ሆኖ ሁለቱ ዜሮ ቢሆኑ 2.1 ይሆናል። ከእኩልነት ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብለን 0.9፣ 1 እና 1.1ን ብንሞክር ድምሩ 1.505 ገደማ ነው፤ ከአንድ ተኩል የሚበልጠው በጣም በትንሹ ነው። ነገሩ እውነት ይመስላል። ሙከራ ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ድምራቸው 3 የሚሆኑ ሦስት ቁጥሮች ማለቂያ የላቸውምና።

ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚያደርገው ሦስቱን ክፍልፋዮች ወደ አንድ የጋራ ታህት ማምጣት ነው። ይቻላል፤ ግን ታህቱ ሲዘረዘር በእያንዳንዱ ተለዋዋጭ ሁለተኛ ደረጃ፣ በጠቅላላው ስድስተኛ ደረጃ የሆነ ረጅም ሐረግ ይወጣል። ሦስቱ ፊደሎች እርስ በርስ ተባዝተው ይወሳሰባሉ፤ ድምራቸው 3 ነው የሚለው የተሰጠን መረጃም የት ላይ እንደሚጠቅም አይታይም። ይህ መንገድ የተሰጠንን ነገር ያባክናል። ምክንያቱም በመነሻው ጥያቄ ላይ ፊደሎቹ የተለያዩ ነበሩ፤ የመጀመሪያው ክፍልፋይ aን ብቻ፣ ሁለተኛው bን ብቻ፣ ሦስተኛው cን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ድምራቸው ብቻ ነው። እኔ የዚህን ዘዴ ውበት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ያለውን መለያየት ሳያፈርስ ድምሩን በቀጥታ ይጠቀምበታል።

እንዲህ እናስብ። በክፍልፋዩ ቦታ ቀጥታ መስመር ቢኖር፣ ማለትም ከ1/(1+x²) ይልቅ mx + k የሚል ሐረግ ቢሆን ኖሮ፣ ሥራው ያልቅ ነበር። ሦስቱን ስንደምር m(a+b+c) + 3k ይሆናል፤ a+b+c ደግሞ 3 ስለሆነ መልሱ ሁልጊዜ 3m + 3k ነው። ቁጥሮቹ ምንም ይሁኑ ምን ይህ ድምር አይለወጥም። ስለዚህ የምንፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ከ0 ጀምሮ በየትኛውም x ላይ ከክፍልፋዩ የማይበልጥ፣ ሦስቴ ሲደመር ግን ልክ 3/2 የሚሰጥ መስመር። እንዲህ ያለ ከተገኘ፣ ክፍልፋዮቹ ከመስመሩ ስለማያንሱ ድምራቸውም ከ3/2 አያንስም።

ይህ መስመር እንደ ልብ የሚመረጥ አይደለም። ሦስቴ ተደምሮ 3/2 እንዲሰጥ 3m + 3k = 3/2፣ ማለትም m + k = 1/2 መሆን አለበት። ይህ ደግሞ መስመሩ x = 1 ላይ ቁመቱ 1/2 ነው ማለት ነው። ክፍልፋዩም x = 1 ላይ 1/2 ነው። ስለዚህ መስመሩ ከጥምዙ ጋር በዚያች ነጥብ ላይ መገናኘቱ ግዴታ ነው፤ ቀሪው ጥያቄ በምን ያህል ያዘነብላል የሚለው ብቻ ነው።

የመስመሩን ስሎፕ በግምት −0.4 እናድርገው። መስመሩ 0.9 − 0.4x ይሆናል። ከ1 ትንሽ ወደ ቀኝ፣ x = 1.1 ላይ ብናየው መስመሩ 0.46 ሲሆን ክፍልፋዩ 0.4525 ነው፤ መስመሩ በላይ ወጣ፣ አልሆነም። ስሎፑን −0.6 እናድርገው፤ መስመሩ 1.1 − 0.6x ይሆናል። አሁን በቀኝ በኩል ደህና ነው፤ በግራ x = 0.9 ላይ ግን መስመሩ 0.56፣ ክፍልፋዩ 0.5525 ገደማ ስለሆነ እንደገና በላይ ወጣ። መስመሩ በነጥቡ ላይ ጥምዙን ከቆረጠ በአንዱ ወገን ከሥር ቢሆን በሌላው ወገን ከላይ መሆኑ አይቀርም። የማይቆርጠው አንድ ብቻ ነው፤ ጥምዙን በነጥቡ ላይ ነክቶ በዚያው አቅጣጫ የሚሄደው። ታንጀንት የሚባለው እርሱ ነው፤ ዘዴውም በዓለም ላይ የታንጀንት መስመር ዘዴ ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው።

የታንጀንቱን ስሎፕ ለማግኘት ደሪቫቲቭ የተማረ ሰው በአንድ መስመር ይጨርሰዋል፤ የ1/(1+x²) ደሪቫቲቭ −2x/(1+x²)² ነው፤ x = 1 ሲገባበት −2/4፣ ማለትም −1/2 ይሰጣል። ያልተማረም ሰው በካልኩሌተር ሊደርስበት ይችላል። x ከ1 ወደ 1.1 ሲሄድ ክፍልፋዩ በ0.0475 ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ለአንድ እርምጃ −0.475 ነው። ከ1 ወደ 1.01 ብቻ ብንሄድ ቅነሳው 0.004975 ስለሆነ −0.4975 ይመጣል። እርምጃው ባነሰ ቁጥር ውጤቱ ወደ −0.5 ይጠጋል። ስለዚህ መስመራችን በ(1፣ 1/2) የሚያልፍ፣ ስሎፑ −1/2 የሆነው 1 − x/2 ነው።

እስካሁን ያደረግነው ዕጩ መፈለግ ብቻ ነው። ታንጀንት መሆኑ በነጥቡ አካባቢ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ከ0 እስከ 3 ድረስ በሙሉ ከሥር መሆኑን አያረጋግጥም። ማረጋገጥ ያለብን ይህን ነው፦

1/(1+x²) ≥ 1 − x/2

ሁለቱንም ወገን በ2(1+x²) እናባዛ። ይህ ቁጥር ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ ምልክቱ አይገለበጥም። በግራ 2 ይቀራል፤ በቀኝ (2 − x)(1 + x²) ይሆናል፤ ሲዘረዘር 2 − x + 2x² − x³ ነው። ሁሉንም ወደ ግራ ስናመጣ x³ − 2x² + x ≥ 0 ሆነ። xን ስናወጣ የሚቀረው ይህ ነው፦

x(x − 1)² ≥ 0

x ከዜሮ አያንስም፤ የካሬ ውጤትም ከዜሮ አያንስም። ስለዚህ እውነት ነው፤ የቀረው መደመር ነው። ክፍልፋዮቹ ከ(1 − a/2) + (1 − b/2) + (1 − c/2) አያንሱም፤ ይህ ደግሞ 3 − 3/2 = 3/2 ነው። ተረጋገጠ።

(x − 1)² የወጣው በአጋጣሚ አይደለም። መስመሩ ጥምዙን x = 1 ላይ ስለሚነካ በመካከላቸው ያለው ልዩነት እዚያ ዜሮ ይሆናል፤ ሳይቆርጥ ስለሚነካ ደግሞ ዜሮው ድርብ ነው። ስለዚህ ስሎፑ ትክክል ከሆነ (x − 1)² ተለይቶ መውጣቱ አይቀርም፤ ካልወጣ የስሌት ስህተት አለ ማለት ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ሥራን ለመቆጣጠር ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። ከካሬው አጠገብ የቀረው ክፍል ነው በእያንዳንዱ ጥያቄ የሚለያየው፤ በእኛ ጥያቄ እርሱ x ብቻ ሆኗል። ወደዚህ x ኋላ ላይ እንመለሳለን።

በዚህ ጥያቄ ላይ ያለ ደሪቫቲቭ ወደዚያው መስመር የሚያደርስ ሌላ መንገድም አለ። 1/(1+a²) ማለት 1 − a²/(1+a²) ነው። 1 + a² ከ2a እንደማያንስ እናውቃለን፤ ልዩነቱ (a − 1)² ነውና። ስለዚህ የሚቀነሰው ክፍል ከa²/2a፣ ማለትም ከa/2 አይበልጥም፤ 1 − a/2 እንደገና ተገኘ። መንገዱ ያማረ ነው፤ ግን ብልጠቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። ታንጀንቱ ግን ሳንራቀቅ፣ በስሌት ብቻ ይገኛል።

አሁን ወደ ኮንቬክስ ፈንክሽኖች እንምጣ፤ የዘዴው ሥር ያለው እዚያ ነው። ጥምዙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ የተከፈተ ከሆነ ኮንቬክስ ይባላል። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት ወይም ወደ አንድ ጎን አዘንብሉት፤ ጠረጴዛው በአንድ ቦታ ይነካዋል እንጂ ሳህኑን ሰንጥቆ አይገባም። ኮንቬክስ በሆነ ጥምዝ ላይም እንዲሁ ነው፤ በየትኛውም ነጥብ ላይ የተሳለ ታንጀንት ጥምዙን በሙሉ ከላዩ ያደርጋል። ስለዚህ ፈንክሽኑ በምንፈልገው ክልል ሁሉ ኮንቬክስ መሆኑን ካወቅን ከላይ የሠራነው የማረጋገጫ ስሌት አያስፈልግም። በአማካዩ ላይ ታንጀንቱን ስሎ መደመር ይበቃል። ከዚያ የሚወጣው ውጤት፣ የፈንክሽኑ ዋጋዎች አማካይ በአማካዩ ላይ ካለው ዋጋ አያንስም የሚለው፣ የየንሰን ያለእኩልነት ይባላል። ዮሐን የንሰን ዴንማርካዊ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ አላስተማረም፤ ኑሮውን የመሠረተው በኮፐንሃገን የቴሌፎን ኩባንያ ውስጥ በመሐንዲስነት ሲሆን የኮንቬክስ ፈንክሽኖችን የሚመለከተውን ዝነኛ ጽሑፉን ያወጣው በ1906 እ.ኤ.አ. ነው።

በ1903 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የቀረበው የኔዝቢት ጥያቄ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለሦስት ፖዘቲቭ ቁጥሮች a/(b+c) + b/(c+a) + c/(a+b) ከ3/2 እንደማያንስ አሳዩ ይላል። ድምራቸውን 3 ካደረግን b+c ማለት 3 − a ስለሆነ የመጀመሪያው ክፍልፋይ a/(3 − a) ይሆናል፤ aን ብቻ ያውቃል። ይህ ፈንክሽን ከ0 እስከ 3 በሙሉ ኮንቬክስ ነው። x = 1 ላይ ያለው ታንጀንት (3x − 1)/4 ሲሆን በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3(x − 1)²/(4(3 − x)) ነው፤ አስቸጋሪ ክፍል የለውም። ሦስቱ መስመሮች ሲደመሩ (9 − 3)/4፣ ማለትም 3/2 ይሰጣሉ።

የእኛ ጥያቄ ግን እንዲህ የተመቻቸ አልነበረም። 1/(1+x²) ከዜሮ አጠገብ ጎድጓዳ ሳይሆን ጉብታ ነው። ለማየት ሦስት ዋጋዎች ይበቃሉ፤ በ0 ላይ 1፣ በ0.5 ላይ 0.8፣ በመካከላቸው በ0.25 ላይ ደግሞ 0.941 ነው። የሁለቱ ዳር አማካይ 0.9 ስለሆነ የመካከሉ ዋጋ ከአማካዩ በላይ ነው፤ ኮንቬክስ ቢሆን ኖሮ ከዚያ አይበልጥም ነበር። ጉብታው የሚያበቃው x = 0.577 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጥምዙ ወደ ጎድጓዳነት ይለወጣል። ቁጥሮቻችን ከ0 እስከ 3 የትም ሊሆኑ ስለሚችሉ የየንሰንን ውጤት በቀጥታ መጠቀም አይፈቀድም። ዘዴው ግን ሠራ። ምክንያቱም የሚያስፈልገው አንድ የተወሰነ መስመር ከሥር መሆኑ ነው፤ ጥምዙ በየቦታው ጎድጓዳ መሆን የለበትም። ይህ ከኮንቬክስነት ያነሰ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ነው የታንጀንት ዘዴ የየንሰን ያለእኩልነት በማይደርስበት ቦታ የሚደርሰው። በሌላ በኩል ማረጋገጫውን በነጻ አያገኝም፤ x(x − 1)² ≥ 0 የሚለውን ስሌት መዝለል የማንችለው ለዚህ ነው።

መዝለል ምን እንደሚያስከትል ለማየት በዚሁ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ የሦስቱ ድምር ከ3 ይልቅ 2.4 ይሁን። አማካዩ 0.8 ነው። በ0.8 ላይ ክፍልፋዩ 1/1.64፣ ማለትም 0.6098 ገደማ ስለሆነ ሦስቱ እኩል ሲሆኑ ድምሩ 1.829 ይሆናል። ድምሩ ከ1.829 አይወርድም ብሎ መገመት ተፈጥሯዊ ነው። 0.8 ከ0.577 ስለሚበልጥ ጥምዙ እዚያ ጎድጓዳ ነው፤ ታንጀንቱም በአካባቢው ከሥር ነው። ስሎፑን እናስላ፤ −1.6/2.6896፣ ማለትም −0.595 ገደማ ነው። ቁጥሮቹን በ0.8 አቅራቢያ ብቻ የሚሞክር ሰው ሁሉም ነገር ትክክል ይመስለዋል።

አሁን መስመሩን እስከ ዜሮ ድረስ እንሳበው። x = 0 ላይ ቁመቱ 0.6098 ሲደመር 0.8 × 0.595፣ ማለትም 1.086 ገደማ ነው። ጥምዙ ግን እዚያ 1 ብቻ ነው። መስመሩ በላይ ወጣ። ስለዚህ ከቁጥሮቹ አንዱን ዜሮ፣ ሁለቱን 1.2 እናድርጋቸው። ድምሩ 1 ሲደመር ሁለት ጊዜ 1/2.44፣ ማለትም 1.8197 ገደማ ይሆናል፤ ከ1.829 ያነሰ ነው። ግምቱ ሐሰት ነበር። መስመሩ ከጥምዙ በላይ የወጣበት ቦታ ግምቱን የሚያፈርሰውን ምሳሌ የት እንደምንፈልግ አመለከተን። ታንጀንት የሚያገኝ ሁሉ በመጀመሪያ በክልሉ ዳሮች ላይ፣ እዚህ በ0 ላይ፣ መሞከር ያለበት ለዚህ ነው፤ ሥራው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሆኖም መስመሩ ወደቀ ማለት ያለእኩልነቱ ሁልጊዜ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። አማካዩን 0.8 አድርገን ቁጥሮቹን ሁለት ብቻ እናድርጋቸው፤ ድምራቸው 1.6 ነው። እኩል ሲሆኑ የክፍልፋዮቹ ድምር 1.2195 ገደማ ነው፤ 0 እና 1.6 ሲሆኑ 1.281 ገደማ። ሁለቱን ክፍልፋዮች ወደ አንድ አምጥተን በብዜታቸው ብንጽፋቸው፣ ድምሩ በእርግጥም ከ1.2195 በታች እንደማይወርድ ይወጣል። ያለእኩልነቱ እውነት ነው፤ ግን በታንጀንት አይረጋገጥም። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ መስመሩ እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ነው የሚያየው፤ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ሲሆኑ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ወደ 1.6 መዝለል እንዳለበት አያውቅም። ሦስት ሲሆኑ ግን የዜሮው ትርፍ ለሁለት ይከፈልና ሁለቱ 1.2 ላይ፣ መስመሩ ከጥምዙ እምብዛም ሳይርቅ ያርፋሉ። የተለዋዋጮቹ ብዛት ራሱ መልሱን ይለውጣል።

አሁን ወደዚያች x እንመለስ። አማካዩን t ብለን የታንጀንቱን ቁመት በ0 ላይ ብናሰላ (1 + 3t²)/(1 + t²)² ይወጣል። ይህ ከ1 የማይበልጠው መቼ ነው? 1 + 3t² ≤ 1 + 2t² + t⁴ ሲሆን፣ ማለትም t² ≤ t⁴ ሲሆን፤ ይህም t ዜሮ ካልሆነ በቀር ከ1 የማያንስ ሲሆን ነው። በጥያቄያችን አማካዩ ልክ 1 ነበር፤ ድንበሩ ላይ። ስለዚህ መስመራችን 1 − x/2 ጥምዙን በ1 ከመንካቱ በተጨማሪ በ0 ላይም ያገኘዋል፤ ከካሬው አጠገብ የቀረችው x የመጣችው ከዚያ ነው። ድምሩ 3 ይሁን ተብሎ ሲጠየቅ ጥያቄው በዘዴው ወሰን ላይ ተቀምጧል። በ0 ላይ እኩል መሆኑ ለመጨረሻው መልስ ተጨማሪ እኩልነት አያመጣም፤ ሦስቱም ቁጥሮች 0 ወይም 1 ብቻ ሆነው ድምራቸው 3 የሚሆነው ሁሉም 1 ሲሆኑ ነውና።

ዘዴው የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። ab ወይም a/b የመሰሉ ሐረጎች ሁለት ፊደላትን በአንድነት ስለያዙ እያንዳንዱን ለብቻ ማየት አይቻልም፤ በመጀመሪያ የሚለያይ መልክ ካልተገኘላቸው መስመሩ የሚነካው ነገር የለም። የተሰጠው መረጃ ድምር ሳይሆን ብዜት፣ ለምሳሌ abc = 1 ከሆነም ቀጥታ መስመር አይጠቅምም፤ የa+b+c ድምር አይታወቅምና። እዚህ ላይ በቀጥታው መስመር ቦታ k + m ln x ይገባል። ሎጋሪዝም ብዜትን ወደ ድምር ስለሚለውጥ ሦስቱ ሎጋሪዝሞች ተደምረው ዜሮ ይሆናሉ፤ የሚቀረው 3k ብቻ ነው። m የሚመረጠውም እንደ ቀድሞው ሁለቱ ጥምዞች x = 1 ላይ ሳይቆራረጡ እንዲነካኩ ተደርጎ ነው።

በውድድር ላይ የዚህ ዘዴ ዝነኛ ምሳሌ ሆኖ የቀረው በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሒሳብ ኦሎምፒያድ ላይ የቀረበው 5ኛው ጥያቄ ነው። a፣ b እና c ፖዘቲቭ ቁጥሮች ሲሆኑ የሚከተለውን አሳዩ ይላል፦

(2a+b+c)²/(2a²+(b+c)²) + (2b+c+a)²/(2b²+(c+a)²) + (2c+a+b)²/(2c²+(a+b)²) ≤ 8

ሲያዩት ያስፈራል፤ ፊደሎቹ ተቀላቅለዋል፣ ድምራቸውም አልተሰጠም። ነገር ግን ሦስቱንም ቁጥሮች በ2 ብናባዛ ላዕሉም ታህቱም በ4 ስለሚባዛ ክፍልፋዩ አይለወጥም። በማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ብናባዛም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ድምራቸው 3 እስኪሆን ድረስ ማስፋት ወይም ማጥበብ መብታችን ነው፤ ምንም አናጣም። ያኔ b+c ማለት 3 − a ነው፤ ፊደሎቹም ይለያያሉ። የመጀመሪያው ክፍልፋይ (a + 3)²/(2a² + (3 − a)²) ይሆናል፤ ሲዘረዘር (a² + 6a + 9)/(3a² − 6a + 9)።

አሁን ከላይ የሚያግድ መስመር ነው የምንፈልገው፤ ምልክቱ ተገልብጧልና። ይህ ጥምዝ በሙሉ ጉብታ ቢሆን ኖሮ የየንሰን ውጤት በግልባጩ ይበቃን ነበር። አይደለም። በ0 ላይ ዋጋው 1፣ በ1 ላይ 8/3 ነው፤ አማካያቸው 1.833 ገደማ። በመካከላቸው፣ በ0.5 ላይ ግን ዋጋው 1.815 ገደማ፣ ከአማካዩ በታች ነው፤ ስለዚህ እዚያ ጎድጓዳ ነው። መስመሩን ራሱን መፈተን ግድ ነው። a = 1 ላይ ቁመቱ 8/3፣ ስሎፑ ደግሞ 4/3 ስለሚወጣ ዕጩው (4a + 4)/3 ነው።

ለመፈተን ክፍልፋዩን ትንሽ መልክ እናስይዘው። ታህቱ 3(a² − 2a + 3) ነው፤ a² − 2a + 3 ደግሞ (a − 1)² + 2። ላዕሉን a² + 6a + 9 ስናይ ከዚሁ ከa² − 2a + 3 የሚበልጠው በ8a + 6 ነው። ስለዚህ ክፍልፋዩ እንዲህ ይጻፋል፦

(1/3) · (1 + (8a + 6)/((a − 1)² + 2))

ታህቱ (a − 1)² + 2 ከ2 አያንስም፤ 8a + 6 ደግሞ ፖዘቲቭ ነው። ታህቱን ወደ 2 ዝቅ ብናደርገው ክፍልፋዩ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ ከ(1/3)(1 + 4a + 3)፣ ማለትም ከ(4a + 4)/3 አይበልጥም። ልክ የጠበቅነው መስመር ነው፤ ነጥቡን የሚያስነካው (a − 1)²ም በታህቱ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል።

ሦስቱን ስንደምር 4(a + b + c) + 12 ለ3 ይካፈላል፤ a + b + c = 3 ስለሆነ 24/3፣ ማለትም 8 ነው። እኩል የሚሆነው (a − 1)²፣ (b − 1)² እና (c − 1)² ሁሉም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው። ወደ መነሻው ጥያቄ፣ ድምሩ ወዳልተወሰነበት ስንመለስ፣ ይህ ሦስቱ ቁጥሮች ምንም ያህል ይሁኑ እርስ በርሳቸው እኩል ሲሆኑ ማለት ነው።